ካርዳችሁ ላይ ሁለት ጊዜ የተቆረጠ ሲመስል

ከውጭ የመጣ ዘመድ ጅማ ሆቴል ሲገባ ካርዱን ፖስ ማሽን ላይ ቢያስነኩትና ባንኩ ወዲያው «15,000 ብር» የሚል መልእክት ቢልክለት፣ ገንዘቡ ገና አልተከፈለም። ሆቴሉ ባንኩን «ይህን ያህል ያዝልኝ» ብሎ ጠይቆ ነው፤ ፕሪ-ኦተራይዜሽን ወይም ቅድመ ፈቃድ ይባላል። ብሩ ከሂሳቡ አልወጣም፣ ማውጣት ግን አይቻልም። ለዚህም ነው አፑ ላይ «Pending» የሚለው።

ሦስት ሌሊት በ4,000 ብር 12,000 ነው፤ 3,000 መጠባበቂያ ተጨመረበት እንበል። ሲወጣ ሂሳቡ 12,800 ሆነ። እንግዳ ተቀባዩ በዚያው በተያዘው ላይ ከዘጋው 12,800 ብቻ ይቆረጣል፣ ቀሪው ይለቀቃል። እንደ አዲስ ሽያጭ ካስገባው ግን የድሮው 15,000 እንደታሰረ ይቆይና ሁለቱ ተደምረው 27,800 የሄደ ይመስላል። በዴቢት ካርድ ይሄ ያማል፤ የታሰረው የራስ ገንዘብ ነውና።

ስለዚህ ስትወጡ «በመጀመሪያው ፈቃድ ላይ ዝጉልኝ» በሉ። በጥሬ ገንዘብ ከከፈላችሁ ደግሞ የተያዘው እንዲሰረዝ አድርጉና የስረዛውን ደረሰኝ ተቀበሉ። ካላሰረዙት ጊዜው እስኪያልፍ ይጠበቃል፤ እንደ ባንኩና ካርዱ ዓይነት ከጥቂት ቀናት እስከ ሳምንታት ይወስዳል። ስትገቡ ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት አትጣሉ፤ ላዩ ላይ ያለው የፈቃድ ኮድ ባንኩ የታሰረውን ለይቶ እንዲያገኘው ይረዳል።

ውጭ አገር በካርድ ነዳጅ ሲቀዳም እንዲሁ ነው፦ ማሽኑ ስንት ሊትር እንደምትቀዱ ስለማያውቅ አስቀድሞ ከፍ ያለ መጠን ይይዛል። ውስጥ ገብታችሁ ለካሸሩ የተወሰነ ብር ከከፈላችሁ ይሄ ጣጣ ብዙውን ጊዜ አይገጥማችሁም።