«የተጣራ» የሚለውን ቃል ሳትመረምሩ የሥራ ውል አትፈርሙ

ስምንት ወር ሥራ ሲፈልግ የቆየ አንድ ወጣት ሒሳብ ሠራተኛ ባለፈው ሳምንት ሁለት ደብዳቤ ይዞ ደብረ ብርሃን ወዳለው ቤቴ መጣ፤ አንዱ እዚያው ከተማ ካለ ፋብሪካ ያልተጣራ 16,000 ብር፣ ሌላው ከሸዋ ሮቢት ነጋዴ «የተጣራ 12,000 ብር» የሚል ነበር። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የግብር ማስከፈያ ከ16,000 ብር ላይ 35 በመቶው ተሰልቶ 2,050 ብር ሲቀነስለት ግብሩ 3,550 ብር ይሆናል፤ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው 1,120 ብር ስለሆነ እጁ የሚገባው 11,330 ብር ነው። ስለዚህ ትንሽ የመሰለው የነጋዴው ደመወዝ በ670 ብር ይበልጣል።

ነገር ግን 12,000 ብር ተጣርቶ እንዲደርሰው ውሉ ላይ 17,155 ብር ገደማ መጻፍ ነበረበት። ረቂቁን እንዲጠይቅ መከርሁት፤ ሲመጣ የተጻፈው 8,000 ብር ብቻ ነበር፤ ቀሪው በእጅ የሚሰጥ ነው። ይህ ጡረታው በ8,000 ብር ብቻ እንዲታሰብ ያደርጋል፤ ከዚያም የከፋው፣ ሐሰተኛውን የደመወዝ መክፈያ ሰነድ በየወሩ አዘጋጅቶ የሚፈርመው ራሱ ሒሳብ ሠራተኛው መሆኑ ነው። ልጁ የፋብሪካውን ውል ፈረመ።