ዳገት ላይ የሚንሸራተትና የሚሸት ፍሪሲዮን፦ «ሸራው አልቋል» ከማለት በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ የሞተሩ ድምፅ በድንገት ከፍ ይላል፣ መኪናው ግን ፍጥነት አይጨምርም፤ ጥቂት ቆይቶም የተቃጠለ ወረቀት የሚመስል ሽታ ወደ ውስጥ ይገባል። አብዛኛው አሽከርካሪ በዚህ ጊዜ የሚሰማው ምክር «ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ካምቢዮው ይውረድ» የሚል ነው። ምክሩ ብዙ ጊዜ ትክክል ሆኖ ይገኛል፤ ይሁን እንጂ መንሸራተት የሚነግረን ሸራ የለበሰው ዲስክ ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ቮላኖና ዲስኩን በሚጫነው ፕሬሸር ፕሌት መካከል በበቂ ኃይል አለመያዙን ብቻ ነው። ሸራው ሲሳሳ አይያዝም፣ ዘይት ሲነካው አይያዝም፣ ከፔዳሉ ወገን ያለው አሠራር ሙሉ በሙሉ ሳይለቀው ሲቀርም አይያዝም። ከእነዚህ ውስጥ የሸራ ማለቅ የሚባለው የመጀመሪያው ብቻ ስለሆነ፣ ሌሎቹን ሳያጣሩ ካምቢዮ ማውረድ ገንዘብንም ጊዜንም ያባክናል።

የመጀመሪያው ስህተት ሽታውን ብቻውን እንደ ማስረጃ መውሰድ ነው። ሽታው የሚያሳየው ሸራው መጋሉን እንጂ ማለቁን አይደለም። ዳገት ላይ በትራፊክ መጨናነቅ የቆመ አሽከርካሪ መኪናውን በፍሬን ከመያዝ ይልቅ ፔዳሉን በግማሽ ረግጦ፣ ነዳጅ እየሰጠ ባለበት ቢያቆመው፣ ሞተሩ እየዞረ ዲስኩ ስለማይዞር ኃይሉ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ አዲስ ሸራም ቢሆን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይሸታል። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ይህ ይባባሳል፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ወለል ከሚሰጠው ኃይል አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፣ አሽከርካሪውም ለመነሳት የሞተሩን ዙር ከፍ አድርጎ ፍሪሲዮኑን ለረጅም ጊዜ ያንሸራትታል። ስለዚህ ከሽታው በኋላ መኪናውን ለግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዝና እንደገና መሞከር ይገባል። ከቀዘቀዘ በኋላ በደንብ ከያዘ፣ መንስኤው የአነዳድ ሁኔታ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። እግረ መንገዱንም እጅን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ ቸርኬ ማስጠጋት ጠቃሚ ነው፤ አንደኛው ከሌሎቹ በጣም የጋለ ከሆነ፣ የሚሸተው ያልለቀቀ የፍሬን ሸራ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ስህተት በእጅ ፍሬን በሚደረገው ሙከራ ብቻ መወሰን ነው። ሙከራው የታወቀ ነው፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዳሉ፣ ከፊትና ከኋላ ሰው እንዳይቆም ይደረጋል፣ የእጅ ፍሬን ይሳባል፣ ሦስተኛ ማርሽ ይገባል፣ ትንሽ ነዳጅ እየተሰጠ ፔዳሉ በዝግታ ይለቀቃል። ጤነኛ ፍሪሲዮን ሞተሩን ወዲያውኑ ያጠፋዋል፤ ሞተሩ ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ መንሸራተቱ ከፍተኛ ነው። ነገር ግን በከፊል የሳሳ ሸራ ይህን ፈተና ያልፋል፣ ምክንያቱም ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር የሚሰጠው ጉልበት አነስተኛ ነው። ሙከራውን አምስትና ስድስት ጊዜ መደጋገምም ጤነኛውን ሸራ ማቃጠል ስለሆነ ከሁለት ጊዜ በላይ አይደረግ። እኔ ይበልጥ የምተማመነው በመንገድ ላይ በሚደረገው ሙከራ ነው። መኪና በሌለበት መለስተኛ ዳገት ላይ፣ በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየተነዳ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ይረገጣል። የሞተሩ ዙር ቆጣሪ ዘሎ ወደ ላይ ሲወጣ የፍጥነት ቆጣሪው ባለበት ከቆመ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ ሁለቱ አብረው በዝግታ ከጨመሩ ግን ድክመቱን በሞተሩ በኩል መፈለግ ይገባል።

ሦስተኛውና ብዙ ገንዘብ ሲያስወጣ የማየው ስህተት ፔዳሉን ሳይመረምሩ ካምቢዮ ማውረድ ነው። ፔዳሉ በእጅ ሲገፋ ጠንከር ያለ ግፊት ከመሰማቱ በፊት ጥቂት በነጻ መሄድ አለበት፤ ልኩ እንደ መኪናው ይለያያል፣ በብዙዎቹ ግን ከ10 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ድረስ ነው። ይህ ነጻ ጉዞ ከጠፋ፣ እግር ሳይነካውም ፔዳሉ በትንሹ እንደተረገጠ ይቆጠራል፣ ፕሬሸር ፕሌቱም ዲስኩን በሙሉ ኃይሉ አይጫነውም።

አንዲት በኬብል የሚሠራ ፍሪሲዮን ያላት የቤት መኪና ይህንን በግልጽ አሳይታኛለች። ባለቤቷ በሌላ ጋራዥ «ሸራ ይቀየር» ተብለው ነበር። ስንለካ የፔዳሉ ነጻ ጉዞ ምንም አልነበረም፤ ባለቤቷም ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ቦታ ባለፉት ወራት ወደ ላይ እየወጣ መምጣቱን አስታወሱ። የኬብሉን ማስተካከያ አላልተን 15 ሚሊ ሜትር ያህል ሰጠነውና ወደዚያው ዳገት መለስናት። በሦስተኛ ማርሽ መንሸራተቱ ጠፋ፣ በአራተኛ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ ግን አሁንም ተንሸራተተች። በሦስተኛም በአራተኛም ቢጠፋ ኖሮ ካምቢዮውን ባልነካን ነበር፤ በአራተኛ መቅረቱ ግን ሸራውም መሳሳቱን የሚያመለክት ነበር። ሁለቱ የተያያዙ ናቸው፦ ሸራው ሲሳሳ ፕሬሸር ፕሌቱ ወደ ቮላኖው ይጠጋል፣ የፕሬሸር ፕሌቱ የስፕሪንግ ጣቶች ደግሞ በተቃራኒው ወደ ፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ይወጡና ነጻውን ጉዞ ይበሉታል። በጊዜ ያልተስተካከለ ኬብል እንግዲህ መሳሳት የጀመረውን ሸራ ይበልጥ ያስጨርሰዋል።

ፍሪሲዮኑ በኬብል ሳይሆን በዘይት ግፊት የሚሠራ ከሆነ ክፍተቱን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ስለሚያስተካክል የፔዳሉ ከፍታ ብዙ አይናገርም። እዚህ የሚፈለገው ውስጡ ያበጠ አሮጌ ቱቦ ወይም የማይመለስ ፓምፕ ነው። መንሸራተቱ በተከሰተበት ሰዓት፣ ፔዳሉ ተለቆ ሳለ፣ ከታችኛው ፓምፕ ላይ ያለው የአየር ማውጫ ብሎን በትንሹ ሲከፈት ፈሳሹ በግፊት ከፈነጠቀና መንሸራተቱ ከጠፋ፣ ሸራውን መውቀስ አይቻልም።

አራተኛው ስህተት ካምቢዮው ከወረደ በኋላ ዲስኩን በዓይን አይቶ መፍረድ ነው። የሳሳ ሸራ የሚረጋገጠው በመለኪያ ነው፤ ከሸራው ገጽ ሸራውን ከዲስኩ ጋር እስከያዘው ሪቬት ራስ ያለው ጥልቀት በካሊፐር ጥልቀት መለኪያ፣ በሁለቱም ገጽ፣ በተለያዩ ቦታዎች ይለካል። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ዝቅተኛው ወሰን 0.3 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያች መኪና በቮላኖው በኩል 0.2፣ በሌላኛው በኩል 0.6 ስላገኘን ሸራው ማለቁ ያን ጊዜ ተረጋገጠ። ልኩ ከወሰኑ በላይ ሆኖ ገጹ እንደ መስተዋት ካንጸባረቀ ጥፋቱ የሙቀት ነው፤ ከጠቆረና ከረጠበ ደግሞ የዘይት ነው። በዘይት የራሰ ዲስክ ሲገኝ ዘይቱ ከሞተሩ የኋላ ዘይት ማገጃ ጎማ ወይስ ከካምቢዮው የፊት ዘይት ማገጃ ጎማ እንደመጣ ሳይለይ አዲስ መግጠም፣ አዲሱንም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለመጣል መዘጋጀት ነው። አቧራውን በኮምፕሬሰር አየር አያራግፉ፤ አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

ዲስኩን ብቻ ቀይሮ ቮላኖውን መተውም እዚሁ የሚፈጸም ስህተት ነው። ቮላኖው ላይ ሰማያዊ የሙቀት ነጠብጣብ ወይም ስንጥቅ ካለ አዲሱ ሸራ በጠቅላላ ገጹ አያርፍም፤ ቶርኖ ቤት ሊስተካከል ወይም ሊቀየር ይገባዋል። ፕሬሸር ፕሌቱና ኩሽኔታውም ካምቢዮው ወርዶ ሳለ አብረው ቢቀየሩ፣ ለዚያው ሥራ ሁለተኛ የጉልበት ዋጋ አይከፈልም። በኬብል ለሚሠራው ደግሞ አዲሱ ሸራ ገጹን እስኪያስተካክል በመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነጻው ጉዞ ስለሚቀንስ፣ ፔዳሉ እንደገና ተለክቶ ኬብሉ መስተካከል አለበት።