የምልክት ስህተት የት ጋ እንደተሠራ ከመልሱ ተነስቶ ማግኘት

ተማሪው ደብተሩን ይዞ መጥቷል። ቅንፎቹን ፍታና አቃልል የተባለው ይህ ነው፦

(2x − 3)(x − 5) − (x − 4)²

መልሱ ላይ x² − 21x + 31 ብሎ ጽፏል። ትክክል አይደለም። ግን የቱ ጋ ነው የሳተው?

ድሮ እኔ ከላይ ጀምሬ መስመር በመስመር አነብ ነበር። የመቀነስ ምልክት ግን ትንሽ ሰረዝ ናት፤ በተለይ ማታ፣ ከብዙ ደብተር በኋላ፣ ዓይን ዘሏት ያልፋል። አሁን የምጀምረው ከመልሱ ነው።

መጀመሪያ በ x ቦታ 0 አስገቡ። ጥያቄው ላይ (−3)(−5) 15 ይሰጣል፣ (−4)² ደግሞ 16። ስንቀንስ −1 ይመጣል። የተማሪው መልስ ግን 31 ይላል። ስለዚህ x የሌለው ቁጥር ተበላሽቷል ማለት ነው። 0 ከዚህ በላይ አይነግራችሁም፤ x ያለበትን ሁሉ ያጠፋዋል። ስለዚህ 1ንም ሞክሩ። ጥያቄው (−1)(−4) − (−3)² ይሆንና 4 − 9 = −5 ይወጣል። ተማሪው ጋ 1 − 21 + 31 = 11 ነው።

እዚህ ላይ ተማሪው «እኔ እኮ በ2 ሞክሬዋለሁ፣ መጥቶልኛል» ሊላችሁ ይችላል። አልዋሸም። በ2 ጥያቄው (1)(−3) − (−2)² = −7 ይሰጣል፤ የእሱም መልስ 4 − 42 + 31 = −7 ነው። ሁለት ስህተቶች 2 ላይ ተጣፍተው ነው። ስለዚህ በአንድ ቁጥር አትመኑ። ትልቁ x² በሆነበት ስሌት፣ ሁለት አገላለጾች በሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ላይ እኩል ከመጡ ግን በሁሉም ቁጥር እኩል ናቸው። 0፣ 1 እና −1 ለስሌት ስለሚቀሉ እኔ የምጠቀመው እነሱን ነው።

አሁን ራሳችሁ ሥሩትና ትክክለኛውን መልስ አግኙ፦ x² − 5x − 1። ከዚያ የተማሪውን መልስ ወስዳችሁ ትክክለኛውን ቀንሱበት፦

(x² − 21x + 31) − (x² − 5x − 1) = −16x + 32

ይህንን ለሁለት አካፍሉት። −8x + 16 ይሆናል። ለምን ለሁለት? −16 መሆን የነበረበት ቁጥር +16 ተብሎ ሲጻፍ መልሱ በ16 ሳይሆን በ32 ነው የሚርቀው። ምልክት ሲገለበጥ ልዩነቱ ሁልጊዜ የዚያ ቁጥር እጥፍ ነው። ስለዚህ ግማሹ ተማሪው ምልክቱን ያበላሸውን ነገር፣ ልክ እሱ እንደጻፈው አድርጎ ያሳያችኋል።

አሁን ደብተሩ ላይ −8xን እና +16ን ፈልጉ። ይኸው፦

2x² − 10x − 3x + 15 − x² − 8x + 16

(x − 4)²ን በትክክል ፈትቶታል፤ x² − 8x + 16 ነው። ከፊት የነበረውን መቀነስ ግን ለ x² ብቻ ሰጥቶ ሌሎቹን ረስቷቸዋል። መሆን የነበረበት − x² + 8x − 16 ነው። ማባዛት አልከበደውም፤ ቅንፉን ቸኩሎ ነው የጣለው። ይህንን ሳታውቁ ስለ ማባዛት ምልክቶች ማብራራት ብትጀምሩ ያልታመመውን እያከማችሁ ነው። እኔ ሦስቱን አባላት በቅንፍ እንደያዘ አንድ መስመር እንዲጽፍ አደርገዋለሁ፦

2x² − 13x + 15 − (x² − 8x + 16)

ቅንፉን የሚያወልቀው ከዚህ በኋላ፣ በሚቀጥለው መስመር ላይ ነው።

ግማሹ ሌላ ነገር ካሳየ ቦታውም ሌላ ነው። መልሱ x² − 5x − 31 ቢሆን ልዩነቱ −30፣ ግማሹ −15 ነው። ያኔ −3ን በ −5 ሲያባዛ −15 ብሏል ማለት ነው።

አንዳንዴ ግን ግማሹ ደብተሩ ላይ የትም አይገኝም። መልሱ x² − 13x − 1 ነው እንበል። ልዩነቱ −8x፣ ግማሹ −4x ነው፤ −4x ብሎ ግን የጻፈው ቦታ የለም። ያኔ ምልክት መፈለጉን ተዉትና ሙሉውን ልዩነት ተመልከቱ። 8x ጎድሏል። (x − 4)²ን x² + 16 ብሎ ጽፎ መሃሉን ረስቶታል።