አፕወርክ ላይ ለትርጉም ሥራ ከማመልከታችሁ በፊት፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉሙ ልጆች የሥራ ማስታወቂያ ይልኩልኛል። "ይሄ እንዴት ነው? ላመልክት?" ይላሉ። ብዙውን ጊዜ መልሱ እዚያው ገጽ ላይ አለ። እነሱ ግን ያነበቡት ርዕሱንና ዋጋውን ብቻ ነው።

"Payment verified" ሲል ገንዘቡ አለ ብሎ ማመን

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ስንት ጎበዝ ልጅ አስለቅሷል። ምልክቱ የሚነግራችሁ ደንበኛው ካርድ ወይም ሌላ የመክፈያ መንገድ ማስመዝገቡን ብቻ ነው። ለእናንተ ሥራ የተቀመጠ ገንዘብ አለ ማለት አይደለም። በቁርጥ ዋጋ ስትሠሩ ከለላ የሚኖራችሁ ደንበኛው ለማይልስቶኑ፣ ማለትም ለዚያ የሥራው ክፍል፣ ገንዘብ አስገብቶ አፕወርክ በአደራ ሲይዘው ነው። ኤስክሮ የሚባለው ይኸው ነው።

አንዲት የማውቃት ተርጓሚ የ300 ዶላር ሥራ አገኘች። በሦስት ማይልስቶን ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ 100 ዶላር። ገንዘብ የገባው ለመጀመሪያው ብቻ ነበር። ደንበኛው "ቸኩለናል፣ ሙሉውን አንድ ላይ ላኪልን" አላት። ላከች። መቶውን ከፍሎ ጠፋ። ለአፕወርክ አቤት ብትልም ቀሪው 200 ዶላር ኤስክሮ ውስጥ ገብቶ ስለማያውቅ የሚያስለቅቁላት ነገር አልነበረም። እባካችሁ፣ የምር የቸኮለ ሰው ቀጣዩን ማይልስቶን ለመሙላት ደቂቃዎች ይበቁታል። እስኪሞላ ድረስ አንድ ገጽ አትላኩ።

ሥራውን ስታስረክቡም በሜሴጅ ፋይል መላክ ብቻውን አይበቃም። "Submit work for payment" የሚለውን ተጫኑ። ደንበኛው ዝም ቢል ከ14 ቀን በኋላ ገንዘቡ በራሱ የሚለቀቀው ይህን ስትጫኑ ነው። ካልተጫናችሁ ቆጠራው አይጀምርም።

በሰዓት ለሚከፈል ሥራ ሰዓቱን በራሱ በአፕወርክ መመዝገቢያ ያዙ። በእጅ የሞላችሁት ሰዓት በክፍያ ዋስትናው አይሸፈንም።

የደንበኛውን ታሪክ በኮከብ ብዛት መለካት

ከኮከቡ በፊት "Hire rate" የሚለውን እዩ። 30 ማስታወቂያ አውጥቶ የቀጠረው በ10 በመቶው ብቻ ከሆነ፣ በሀያ ሰባቱ ማንም ሥራ አላገኘም። ማመልከቻ የምትልኩበት ኮኔክት ግን አንዱ በ0.15 ዶላር ሂሳብ ከኪሳችሁ ይወጣል። ብዙ ገንዘብ ማውጣቱም አያታልላችሁ፤ ለብዙ ሰው በትንሽ በትንሹ ከፍሎ ሊሆን ይችላል። ወደ ታች ወርዳችሁ ከዚህ በፊት ለተመሳሳይ ሥራ ስንት እንደከፈለና የሠሩለት ሰዎች ምን እንደጻፉ አንብቡ።

አዲስ ደንበኛን ግን አትሽሹ። ታሪክ ባይኖረውም ኤስክሮውን ከሞላ ከሞላ ነው።

ጠቅላላ ዋጋውን አይቶ መጓጓት

"60 ዶላር!" ብሎ የደወለልኝ ልጅ ነበር። ሥራው 10,000 ቃል ነው። ለአንድ ቃል ከአንድ ሳንቲም በታች፣ 0.006 ዶላር ማለት ነው። በቀን 2,000 ቃል በጥንቃቄ ብትተረጉሙ አምስት ቀን ይፈጃል፤ አንድ ቀን ለእርማት ጨምሩ። በቀን 10 ዶላር መጣ፤ ከዚህ ላይ ደግሞ አፕወርክ ኮሚሽኑን ይቆርጣል። "ለመጀመሪያ ሪቪው ብዬ ነው" ይሉኛል። ይገባኛል፣ ያለ ሪቪው ሥራ ማግኘት ከባድ ነው። እንዲያ ከሆነ በደህና ዋጋ የ500 ቃል ሥራ ፈልጉ። ሪቪው ለመስጠት ያው አንድ ኮንትራት ነው፤ ስድስት ቀናችሁን ግን አይበላም።

ከኮንትራት በፊት ወደ ቴሌግራም መሄድ

ይህን የሚጠይቅ ወይም "የመመዝገቢያ ክፍያ" የሚል ሁሉ አጭበርባሪ ነው ብላችሁ እለፉት።

"ቀላል ዶክመንት ነው" የሚለውን መቀበል

ፋይሉን ሳታዩ ዋጋ አትስጡ። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ከሆነ ሰንጠረዡንና አቀማመጡን እንደ አዲስ ልትሠሩት ነው። የቃሉ ቆጠራ በእንግሊዝኛው እንዲሆንም ተስማሙ፤ አማርኛው ብዙ ጊዜ በቃል ብዛት ያንሳል።

ጀማሪዎች ጨርሶ የማይጠይቁት ጥያቄ ደግሞ አለ። አማርኛውን አይቶ "ደህና ነው" የሚለው ማነው? ደንበኛው አማርኛ አያነብም። ስለዚህ አንዳንዱ ትርጉማችሁን በማሽን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰውና "ይሄ ከዋናው ጋር አይገጥምም" ይላል። አንዳንዱ ለማያውቃችሁ ሌላ ተርጓሚ ይሰጣል፤ እሱም የራሱን ምርጫ ስህተት ብሎ ይመልስላችኋል። ሁለቱም ያጋጥማል። መልሱን በአፕወርክ ሜሴጅ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ስንት ዙር እርማት በዋጋው ውስጥ እንደሚካተትም ኮንትራቱ ላይ ይስፈር። ሁለት ዙር ይበቃል። ለዚህ ጥያቄ "ያኔ እናያለን" የሚል ደንበኛ ካጋጠማችሁ ኮኔክታችሁን ለሌላ ሥራ አቆዩት።