ቋጠሮውን ቁጠሩ፦ የሕዋስ ክፍፍል የምርጫ ጥያቄዎች ችግርና መፍትሄ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎችን ቅዳሜ ቅዳሜ አስጠናለሁ። የክፍፍሉን ደረጃዎች በቅደም ተከተል የማይነግረኝ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። «በዚህ ደረጃ ስንት ክሮሞዞም አለ?» ሲባል ግን ብዙዎቹ ይሰናከላሉ። ባለፈው ይህን ጥያቄ ሰጠኋቸው።

ገብስ በሰውነት ሕዋሱ ውስጥ 14 ክሮሞዞሞች አሉት። በአበባው ውስጥ ብናኝ የሚያፈራ አንድ ሕዋስ ሚዮሲስ 1ን ጨርሶ ለሁለት ሲከፈል፣ እያንዳንዱ አዲስ ሕዋስ ምን ይኖረዋል?

ሀ) 14 ክሮሞዞም፣ 28 የዲኤንኤ ሞለኪውል
ለ) 7 ክሮሞዞም፣ 14 የዲኤንኤ ሞለኪውል
ሐ) 7 ክሮሞዞም፣ 7 የዲኤንኤ ሞለኪውል
መ) 14 ክሮሞዞም፣ 14 የዲኤንኤ ሞለኪውል

ምልክቱ

አብዛኞቹ ሐን መረጡ። ምክንያታቸውን ስጠይቅ «ሚዮሲስ ቁጥርን በግማሽ ይቀንሳል» አሉኝ። አባባሉ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ለ ነው።

መንስኤው

ተማሪዎቹ ክሮሞዞምንና ክሮማቲድን እንደ አንድ ነገር ይቆጥራሉ። ሕዋሱ ለክፍፍል ሲዘጋጅ እያንዳንዱ ክሮሞዞም ዲኤንኤውን ያባዛል፤ ሁለቱ ቅጂዎች፣ ማለትም እኅት ክሮማቲዶቹ፣ ሴንትሮሜር በሚባለው ቦታ ተያይዘው ይቆያሉ። እስከተያያዙ ድረስ የሚቆጠሩት እንደ አንድ ክሮሞዞም ነው። ዲኤንኤው በእጥፍ ሲያድግ የክሮሞዞሙ ቁጥር የማይጨምረው ለዚህ ነው።

መፍትሄው

ጎጃም ውስጥ የገብስ ገለባ አይጠፋም። 28 ገለባ ውሰዱና በሰባት የተለያየ ርዝመት ቁረጡት፤ ከእያንዳንዱ ርዝመት አራት አራት ይኑራችሁ። ከዚያ እኩል የሆኑትን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ወገባቸው ላይ በክር እሰሩ። አሁን 14 ቋጠሮና 28 ገለባ አላችሁ። ቋጠሮው ሴንትሮሜር፣ ገለባው የዲኤንኤ ሞለኪውል ነው። ክሮሞዞም ስንት እንደሆነ ስትጠየቁ ቋጠሮ ቁጠሩ፤ ዲኤንኤ ስትጠየቁ ገለባ ቁጠሩ።

በሚዮሲስ 1 የሚለያዩት አንድ ዓይነት ርዝመት ያላቸው ሁለት እስሮች ናቸው፤ አንዱ ከእናት ተክል፣ ሌላው ከአባት ተክል የመጣ ነው። ቋጠሮው አይፈታም። ስለዚህ ወደ እያንዳንዱ ወገን 7 ቋጠሮ ከ14 ገለባ ጋር ይሄዳል፤ መልሱ ለ የሆነው በዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ የተሳሳቱትን ምርጫዎች ዝም ብላችሁ አትለፏቸው። እያንዳንዱን «አንተ የየትኛው ደረጃ መልስ ነህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥያቄ አዘጋጅ የተሳሳተ ምርጫ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከጎረቤት ደረጃ ነውና።

ሀ ከክፍፍሉ በፊት ያለው ሕዋስ ነው፤ ዲኤንኤው ተባዝቷል፣ እስሮቹ ግን ገና አልተለያዩም። ይህን የመረጠ ተማሪ «ጨርሶ ለሁለት ሲከፈል» የሚለውን ሐረግ ዘሎታል።

ሐ የሚዮሲስ 2 ፍጻሜ ነው። እዚያ ቋጠሮው ተፈትቶ እኅት ክሮማቲዶች ይለያያሉ፣ እያንዳንዱ ገለባም የራሱን ቋጠሮ ይይዛል፤ ከአንዱ መነሻ ሕዋስ አራት ሕዋሳት ተገኝተው እያንዳንዱ 7 ቋጠሮና 7 ገለባ ይይዛል። ይህን የመረጡት የግማሹን ሐሳብ ያውቃሉ፤ የሳቱት ግማሽ የሚሆነው በሁለት ጊዜ መሆኑን ነው። በመጀመሪያው ክፍፍል የክሮሞዞሙ ቁጥር ከ14 ወደ 7 ይወርዳል፣ ዲኤንኤው ደግሞ ከ28 ወደ 14። በሁለተኛው የሚቀንሰው ዲኤንኤው ብቻ ነው።

መ በማይቶሲስ የተገኘ አዲስ ሕዋስ ነው። ይህን የመረጠ ተማሪ ሁለቱን ክፍፍሎች አምታቷል።

ይኸው ገለባ ሌላ የተለመደ ስህተትም ያርማል። «በማይቶሲስ አናፌዝ ላይ ያለ የገብስ ሕዋስ በጠቅላላው ስንት ክሮሞዞም አለው?» ሲባል 14 ብሎ የሚመልስ ብዙ ነው። ክሩን በጥሱና እያንዳንዱን ገለባ ለየብቻው እሰሩት፦ 28 ቋጠሮ ይሆናል። ሕዋሱ ገና ለሁለት ስላልተከፈለ 28ቱም በአንድ ሕዋስ ውስጥ ናቸው። 14 የሚለው መልስ ወደ አንደኛው ጫፍ የሚሄዱትን ብቻ ቆጥሯል፣ 7 ከሚዮሲስ የመጣ ነው፣ 56 ደግሞ ዲኤንኤውን ሁለት ጊዜ አባዝቷል።

ገለባው የማይመልሰው ጥያቄም አለ። በፕሮፌዝ 1 ጥንድ ክሮሞዞሞች ቁራጭ ስለሚለዋወጡ፣ ሚዮሲስ 1 ካለቀ በኋላ በአንድ ቋጠሮ የታሰሩት ሁለት ገለባዎች ፍጹም አንድ ዓይነት ላይሆኑ ይችላሉ። ጥያቄው ስለ ልዩነት ከሆነ የእናቱን እስር በአንድ ቀለም፣ የአባቱን በሌላ ቀለም ቀቡና ጫፋቸውን ቆርጣችሁ አለዋውጡ። የቋጠሮው ቁጥር በዚህ አይለወጥም።