የአለቃን የ«እንኳን ደህና መጣሽ» ጽሑፍ ስታስተካክሉ እነዚህን አትሳሳቱ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ መጋዘን አስተዳደር ክፍል ነው የምሰራው። አዲስ ሰው በተቀጠረ ቁጥር የስቶር ቡድን መሪያችን በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ይልክልኛል። «አንቺ አሳምሪውና ላኪው» ይላል። ሰውየው ቅን ነው፣ ሰው ይወዳል። ሲጽፍ ግን እንደሚያወራ ነው የሚጽፈው፣ ያውም መንገድ እየተሻገረ።

የመጨረሻው ይኸውላችሁ። የተቀጣሪዋን ስም ቀይሬዋለሁ፣ ደስታ እንበላት።

«ሰላም ደስታ!! እንኳን ደህና መጣህ ወደ ጎበዞቹ ቡድን። ሰኞ በ10 ስራ 8:30 ነው ሰርቪሱ 1:15 ሳሪስ ያልፋል እንዳያመልጥህ። ካመለጠህ በታክሲ ናና ድሮ ሚዛኑ የነበረበት ጋ ውረድ ማንንም ብትጠይቅ ያሳዩሃል። መረጃህን ሁሉ ይዘህ ና። ቆጠራ ሰሞን ነው የመጣኸው አይዞህ፣ እኔ ራሴ የመጀመሪያ ቀን ቢን ካርድ ላይ ገቢውን በወጪ መዝግቤ አንድ ሙሉ ቀን አስቆጥሬያቸዋለሁ። ሁለቷን ወር በሰላም ካለፍክ የደሞዟንም ነገር እናያታለን። ምሳ እንዳትይዝ በኔ ነው። ያልገባህ ነገር ካለ ልጆቹን ጠይቅ»

ይህን የሚያስተካክል ሰው የሚሳሳታቸው ነገሮች አሉ። አብዛኞቹን እኔም ተሳስቻቸዋለሁ።

ሰዓቱን እንዳለ መገልበጥ

እዚህ ላይ ትዕግስቴ አልቋል። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለዚህ ነገር ለፍልፌያለሁ፣ አሁንም እለፈልፋለሁ።

ጽሑፉን እንደገና እዩት። «8:30» ያለው ስልኩ ላይ ያየውን የፈረንጅ ሰዓት ነው። «1:15» ያለው ደግሞ ከሰርቪሱ ሹፌር የሰማውን የሀበሻ ሰዓት ነው። ሁለቱም አንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ናቸው። ሰው እንዳለ ካነበበው ከሳሪስ ቱሉ ዲምቱ የሰባት ሰዓት ከሩብ መንገድ ሊሆን ነው። አንዳንድ ጠዋት ቃሊቲ ላይ እንደዚያ ይመስላል እንጂ መንገዱ ያን ያህል አይርቅም።

ሳቅ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከሦስት ዓመት በፊት አንዷን «ሰኞ 8:30 ተገኚ» ብለን ጻፍንላት። እስከ ምሳ ጠበቅናት፣ የለችም። አለቃ «ሌላ ስራ አግኝታ ይሆናል» አለ። ለተጠባባቂው ልደውል ስልኩን ሳነሳ በሩ ተንኳኳ። ከሰዓት ስምንት ሰዓት ተኩል ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነበር። ልብሷን ተኩሳ፣ ፋይሏን ታቅፋ፣ አምስት ደቂቃ ቀድማ መጥታለች። ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ ነው። ያንን መልዕክት «አሳምሬ» የላክሁት እኔ ነኝ። ያሳመርኩት ነጠላ ሰረዙን ነበር።

ከዚያ በኋላ በሁለት ነጥብ የተለያየ ቁጥር ብቻውን አይላክም። «ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል» ተብሎ ይጻፋል። «ጠዋት» የምትለዋ ቃል ከቁጥሩ በፊት ትምጣ። አንዳንዶች ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ይደረድራሉ፤ ለእኔ ያ ሌላ መደናገሪያ ነው፣ ሰው ዓይኑ የገባለትን አንዱን ይዞ ይሄዳል።

ሌላው ጥፋት ደግሞ ሳይጠይቁ መቀየር ነው። አንድ ጊዜ ሁሉም የፈረንጅ ነው ብዬ ከእያንዳንዱ ላይ ስድስት ስድስት ቀነስኩ። የሰርቪሱ ሰዓት ግን የሀበሻ ነበር። ልጁ ሰርቪሱ ካለፈ በኋላ ሳሪስ ቆሞ ቀረ። አሁን የስራ መግቢያን አለቃን፣ የሰርቪሱን ደግሞ ሹፌሩን ራሱን እጠይቃለሁ።

ሌሊት ፈረቃ ካላችሁ ነገሩ ይብሳል። «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ስትሉ እሁድ አድሮ ነው ወይስ ሰኞ አድሮ? በእኛ አቆጣጠር ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ስለሆነ ሰኞ የዋለው ሰው ሌሊቱንም ሰኞ ይለዋል። ስልኩ ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ «ማክሰኞ» ብሎታል። መፍትሔውን እናቶቻችን ድሮ ጨርሰውታል፦ «ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት»። አጥቢያ የሚል ቃል እያለን በቀን መከራከር አያስፈልግም።

«በ10» ያለውም የዚሁ ወንድም ነው። የወሩ ስም ይጻፍ፦ ሰኞ፣ ጥቅምት 10። የጥቅምት 10 እና የኦክቶበር 10 ልዩነት አስር ቀን ነው፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ አስራ አንድ።

ስሙን አይቶ ጾታ መገመት

ደስታ የወንድም የሴትም ስም ነው። አለም፣ ብርሃን፣ ምህረትም እንዲሁ። አለቃ ስሙን ብቻ ሰምቶ ከላይ እስከ ታች «አንተ» ብሎ ጻፈ። ደስታ ግን ሴት ናት። በአማርኛ አንድ ቦታ ማረም አይበቃም። «መጣህ»ን «መጣሽ» ብላችሁ «እንዳያመልጥህ»ን ከረሳችሁ፣ ግማሹ ለእሷ ግማሹ ለሌላ ሰው የተጻፈ ይመስላል። ስለዚህ ግሱን አንድ በአንድ፣ ጣትን ስክሪኑ ላይ አስኬዶ ማየት ነው።

«መጣህ/ሽ» ብሎ በሰረዝ ማለፍ ግን ስንፍና ነው። ቅጽ ይመስላል። ፋይሏ አስተዳደር ክፍል አለ፣ ገልጦ ማየት አንድ ደቂቃ ነው።

ዕድሜም አለ። አንድ ጊዜ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸውን የስቶር ሰው «እንኳን ደህና መጣህ፣ ጎበዝ» ብለን ተቀበልናቸው። እሳቸው በ«እርስዎ» መለሱልን። ምንም አላሉም። እኔ ግን የዚያን ቀን ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።

ሰውየውን ከጽሑፉ ማውጣት

መጀመሪያ ስቀጠር ማረም ማለት ማድረቅ ይመስለኝ ነበር። የአለቃን ጽሑፍ ተቀብዬ «በድርጅታችን የሰው ኃይል ውስጥ በመቀላቀልዎ የተሰማንን ልባዊ ደስታ እየገለጽን፣ በተሰጠዎት የስራ ድርሻ ላይ ውጤታማ እንደሚሆኑ ባለን ጽኑ እምነት...» ብዬ አወጣሁት። አለቃ አንብቦ ዝም አለ። ቆይቶ «ይሄ የሰርግ ነው የለቅሶ?» አለኝ።

ልክ ነበር። ከእሱ ጽሑፍ ላይ መቆረጥ የሌለበት አንድ ነገር አለ፤ የቢን ካርዱ ታሪክ። ቢን ካርድ የአንድ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበት ካርድ ነው፤ ገቢን በወጪ መመዝገብ የሁሉም ጀማሪ ስህተት ነው። ካርዱ ላይ ያለው ቀሪ እና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ አይገናኝም፣ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል። አለቃዋ ራሱ ይህን እንዳደረገ ያወቀች ልጅ ስትሳሳት አትደብቅም፣ ቶሎ ትናገራለች። ለስቶር ስራ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ምሳውም ይቆያል፤ ምሳ ቋጥራ መምጣት አለመምጣቷን የሚወስን መረጃ ነው። «ጎበዞቹ ቡድን» የምትለውን አወጣኋት፣ እሱም አላስተዋለም።

የደሞዝ ወሬን ማለፍ

«ሁለቷን ወር ካለፍክ የደሞዟንም ነገር እናያታለን።» ይህ ለአለቃ ማባበያ ነው፣ ለተቀጣሪዋ ግን ቃል ነው። አንድ ልጅ ይህንኑ ዓይነት መልዕክት ከስልኩ ላይ ይዞ በሁለት ወሩ ቢሮዬ መጥቷል። ደሞዝ የመጨመር ስልጣን ግን የአለቃ አልነበረም።

ሁለት ወር ማለቱም ያሳስታል። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የስራ ቀን አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። 60 የስራ ቀን ደግሞ 60 ቀን አይደለም። እንደ እኛ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሰራ ቦታ አስር ሳምንት ነው፣ በዓል ከገባበት ይገፋል። ስለ ሙከራ ጊዜ ውሉ ይናገር። መልዕክቱ ውስጥ ስለ ገንዘብ አንድም ቃል አላስቀረሁም፣ ለአለቃም ደውዬ ለምን እንዳወጣሁት ነገርኩት። ሳይነግሩት ማውጣት ሌላ ጠብ ነው።

ድሮ በነበረ ነገር አቅጣጫ መስጠት

ሚዛኑ ከተነሳ ቆይቷል። የምናውቀው የነበርን ብቻ ነን። አዲስ ሰው ዛሬ ቆሞ የሚያየውን ነገር ንገሩት፦ አደባባዩን፣ የፍጥነት መንገዱን መግቢያ፣ የበራችንን ቀለም። «ማንንም ብትጠይቅ ያሳዩሃል» የሚለውን አትመኑት፤ መጋዘን መንደር ውስጥ ሁሉም በር ቆርቆሮ ነው፣ ጠያቂም ብዙ ነው።

«መረጃህን ሁሉ» ማለትም እንዲሁ ነው። ምን ምን እንደሆነ ዘርዝሩ፣ ኦርጅናሉ ይሁን ኮፒው ጻፉ። «ልጆቹን ጠይቅ» ካላችሁ ደግሞ የትኛውን ልጅ?

የላክሁት ይህ ነው፦

«ሰላም ደስታ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ሰኞ ጥቅምት 10 ስራ እንጀምራለን፣ መግቢያ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው። ሰርቪሱ ሳሪስ አቦ ጋ ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ያልፋል፣ አይጠብቅም። ካመለጠሽ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ውረጂና ደውዪልኝ፣ ሰው እልክልሻለሁ። የትምህርት ማስረጃሽን፣ የልምድ ወረቀትሽንና መታወቂያሽን ኦርጅናሉን ከአንድ አንድ ኮፒ ጋር ያዢ። የመጣሽው ቆጠራ ሰሞን ነው፣ አይዞሽ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ቢን ካርድ ላይ ገቢውን በወጪ መዝግቤ ሰውን ሙሉ ቀን አስቆጥሬያለሁ። ከተሳሳትሽ ወዲያው ንገሪኝ። የመጀመሪያው ሳምንት አጠገብሽ የምትሰራው ገቢ መዝጋቢዋ ናት፣ እሷን ጠይቂ። ምሳ እንዳትቋጥሪ፣ ሰኞ በእኔ ነው።»

አለቃ አንብቦ «እኔ እንደጻፍኩት ነው እኮ» አለ። ሐሙስ ላክንላት፣ አርብ ማታ ደርሶ ቅዳሜ የሚያስደነግጥ እንዳይሆን።

በአስር ደቂቃ ውስጥ መለሰች። «አመሰግናለሁ። ሰርቪሱ ምን ይመስላል?»

ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ሳሪስ አቦ ነጭ ሚኒባስ ብቻ ነው የሚታየው። እያንዳንዱ የየራሱ መስሪያ ቤት ሰርቪስ ነው። ስድስት ዓመት ስጽፍ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ለሹፌሩ ደወልኩና ታርጋውን ላክሁላት።