የሰበካ ጉባኤ ዓመታዊ ሪፖርት ሲነበብ ሰው ለምን ይበተናል? ችግርና መፍትሄ

ሐምሌ መጨረሻ እሁድ ነው፣ ቅዳሴ አልቋል፣ ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ጸሐፊው ደግሞ 22 ገጽ ይዞ ማይክ ፊት ቆሟል። ፒያሳ አካባቢ ባለችው አጥቢያችን ይሄን ስንት ዓመት አየሁት፣ ሁለቱን ዓመት ደግሞ ባለ 22 ገጹ ሰውዬ ራሴ ነበርኩ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እኔው ያበላሸሁትና ቀስ በቀስ ያስተካከልኩት ነው።

ችግር 1፦ ገጽ 5 ላይ ሰው ጃንጥላውን ማንሳት ይጀምራል

መጀመሪያ ሰው ጾም ስለሆነና ስለራበው ነው ብዬ ነበር፣ ግን አይደለም፣ ሐዋርያት ጾም ተፈትቶም እንደዛው ነው። ምክንያቱ ሪፖርቱ በክፍል በክፍል መሰራቱ ነው። ስብከተ ወንጌል ክፍሉ የራሱን ይልካል፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ የራሱን፣ ልማት ኮሚቴው የራሱን፣ ጸሐፊው ደግሞ አንድ ላይ ለጥፎ ያነባል። ሁሉም የሚጀምረው “በዓመቱ ውስጥ 12 መደበኛ ስብሰባዎች ተካሂደዋል” ብሎ ነው። ስብሰባ መደረጉ ለማን ዜና ነው?

በሽታው እናንተም ጋ መኖሩን ለማወቅ ረቂቁን አውጡና “ተካሂዷል”፣ “ተሰጥቷል”፣ “ተከናውኗል” የሚሉትን በእስክርቢቶ አክብቡ። አንድ ገጽ ላይ ከአምስት ስድስት በላይ ክብ ካለ እዛ ገጽ ላይ ሰው ይወጣባችኋል።

ያዳነን ነገር ሪፖርቱን ባለፈው ዓመት በገባነው ቃል መጀመር ነው። ያለፈውን ሪፖርት የእቅድ ገጽ አወጣን፣ አምስት ነገር ቃል ገብተናል፣ ሦስቱ ተሰርቷል፣ አንዱ ግማሽ ላይ ቆሟል፣ አንዱ ጭራሽ አልተነካም። ያልተነካውን መጀመሪያ አነበብነው። አዳራሹ ጸጥ አለ፣ እማማዎቹ ሳይቀሩ ቀና አሉ፣ ምክንያቱም ጥፋቱን ከራሱ አንደበት የሚጀምር ኮሚቴ አይተው አያውቁማ። የክፍሎቹ ዝርዝር አባሪ ሆኖ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ የፈለገ ያነባል። ሪፖርቱ ውስጥ ከየክፍሉ የሚገባው የተለወጠው ነገር ብቻ ነው፦ “ሰንበት ትምህርት ቤቱ 48 መርሐ ግብር አካሂዷል” አይደለም፣ “መስከረም ላይ 60 ልጆች ነበሩን፣ ሰኔ ላይ 85 ሆኑ፣ ክፍሉ ግን ያው አንድ ነው” ነው እንጂ።

ችግር 2፦ “ባንክ ይሄን ያህል ብር እያለ ለምን ትለምኑናላችሁ?”

ትልቁ እዚህ ጋ ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው፣ ኦዲተሩም ፈርሟል፣ ግን ጥያቄው ሲነሳ መድረኩ ላይ ያለው ሁሉ ይደናገጣል፣ አንዱ ጋሼ ድምጹን ከፍ ያደርጋል፣ አባታችን “ልጆቼ በፍቅር” ብለው ይገላግላሉ፣ ጥርጣሬው ግን ይዞን ወደ ቤት ይሄዳል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሌብነት ሳይሆን መደባለቅ ነው፣ ለአንድ ጉዳይ ተብሎ የተሰጠ ብር ከመደበኛው ገቢ ጋር አንድ ላይ ይደመራል። በምሳሌ ላሳያችሁ፣ ቁጥሮቹ ለመቁጠር እንዲመቹ የተስተካከሉ ናቸው። ካለፈው ዓመት የዞረ 640 ሺ ብር አለ። ዘንድሮ ጠቅላላ ገቢ 5 ሚሊዮን 100 ሺ፣ ጠቅላላ ወጪ 4 ሚሊዮን 170 ሺ፣ ባንክ ያለው 1 ሚሊዮን 570 ሺ። ይሄን ብቻ የሰማ ሰው ሀብታም ነን ነው የሚለው፣ በአንድ ዓመት 930 ሺ ተርፏላ!

አሁን የጣሪያውን ለይተን እንየው። ለጣሪያ ጥገና ተብሎ 1 ሚሊዮን 200 ሺ ተሰብስቧል፣ 450 ሺ ወጥቷል፣ 750 ሺ ቀርቷል። ይሄ ብር የጣሪያው ነው፣ ደመወዝ ልትከፍሉበት አትችሉም። መደበኛው ታዲያ 3 ሚሊዮን 900 ሺ ገብቶበት 3 ሚሊዮን 720 ሺ ወጥቶበታል፣ የተረፈው 180 ሺ ብቻ ነው፣ ከዞረው ጋር 820 ሺ። የወር መደበኛ ወጪያችን 310 ሺ ስለሆነ ሙዳየ ምጽዋቱ ነገ ባዶ ቢሆን ከሦስት ወር አናልፍም። አያችሁ፣ ያው አንድ ሒሳብ ነው፣ ግን “ሀብታም ነን” የሚለው ወሬ ጠፋ።

ስለዚህ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓምድ ብቻ፦ መደበኛ እና ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠ። በየዓምዱ የዞረ፣ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። ታች ላይ የሁለቱ ድምር ከባንክ ሰነዱ ጋር እኩል መምጣት አለበት፣ አንድ ብር እንኳ ከተለያየ ሳታነቡ ፈልጉት፣ ብዙ ጊዜ ሰኔ 30 ተቆጥሮ ሐምሌ ላይ ባንክ የገባ ብር ነው።

ሲነበብ ደግሞ ወጪውን በ100 ብር ንገሩት። ከመደበኛው ገቢ 100 ብር 60ው የአገልጋዮች ደመወዝ ነው፣ 20ው ለሀገረ ስብከት ፈሰስ፣ 8ቱ እጣን፣ ጧፍ፣ ዘቢብ ምናምን፣ 7ቱ መብራትና ውሃ፣ 5 ገደማ ተርፏል። ሠንጠረዡን ማንም አያስታውስም፣ ይሄንን ግን ታክሲ ውስጥ ሲያወሩት ሰምቻለሁ። አንድ ገደብ አለው፣ ማጠጋጋቱ ለንባብ ብቻ ነው፣ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ሳንቲሙ ሳይቀር ይኑር።

ችግር 3፦ ተግዳሮት የሚለው ክፍል ልቅሶ ይሆናል

“የምእመናን ተሳትፎ ማነስ” ብለን ጻፍን፣ ለማን? እዛ ለተቀመጠው፣ ለመጣው ሰው! የቀረው አይሰማ፣ የመጣው ተወቀሰ። እዚህ ጋ ችግሩ ችግሩን በስሙ አለመጥራት ነው። ፒያሳ በኮሪደር ልማት ከፈረሰ በኋላ የኛ ሰው ወደ ዳር ዳር ተነስቷል፣ ሁለት ታክሲ ይዞ ነው ለቅዳሴ የሚመጣው፣ አንዳንዱም ሰፈሩ ያለው አጥቢያ ገብቷል፣ መብቱ ነው። የአባልነት መዝገቡን ከደረሰኝ ጉርዱ ጋር ስናስተያይ ከ410 ከፋይ 290 ነው የቀረው። ከጠፉት 120ው ስልካቸው ያለን 74ቱ ብቻ ናቸው። እንዲህ ሲባል “ተሳትፎ ማነስ” የነበረው “የ46 ሰው ስልክ የለንም” ሆነ፣ እና ከስብሰባው ሳይወጡ ሰዎች የድሮ ጎረቤታቸውን ቁጥር ማጻፍ ጀመሩ። አንድ ተግዳሮት እንዲህ ካልተቆጠረ ሪፖርቱ ውስጥ ባይገባ ይሻላል፣ ሁለት ሦስት በቂ ነው።

ችግር 4፦ እቅዱ ከአምናው የተገለበጠ ነው

“ይጠናከራል” የሚል ቃል ካለበት እቅድ አይደለም። ማን፣ ስንት፣ እስከ መቼ ይጻፍ፦ “የአባላት ጉዳይ ክፍል ከ120ው ቢያንስ 60ውን እስከ ታኅሣሥ ያገኛል፣ ዳር ላሉት በቴሌብር መክፈያ ይከፈታል፣ ደረሰኙ ግን እንደወትሮው ይቆረጣል።” ደረሰኙን አደራ፣ በስልክ የገባ ብር ሳይቆረጥለት ቆይቶ ዓመት መዝጊያ ላይ ሦስት ቀን አሳድዶናል።

እና ዝናቡ፦ ድምጽ ማጉያው ቆርቆሮውን አያሸንፍም። የሒሳቡን ገጽ ለሁለት ሰው አንድ ኮፒ አድርጋችሁ በር ላይ አድሉ፣ ፊደሉን ተለቅ አድርጉት፣ መነጽር ያልያዘው ይበዛል።